ሪሞቱ ሲጠፋ ስልክዎ የሚያዘውና የማያዘው

የዲሽ ሪሲቨር ያለ ሪሞት ብዙም አይጠቅምም። ፊቱ ላይ ያሉት ሁለት ሦስት ቁልፎች ቻናል ወደ ላይና ወደ ታች ከመቀየር አያልፉም፤ በቅርብ ዓመታት የመጡት ትንንሾቹ ደግሞ እነሱም የሏቸውም። ሪሞቱ ላይ ሻይ ሲደፋበት፣ ሕፃን ልጅ ወርውሮ ሲሰብረው ወይም የት እንደገባ ሲጠፋ ከቤቱ ሰው አንዱ «ስልክ ላይ እኮ ሪሞት የሚሆን አፕ አለ» ማለቱ አይቀርም። አፑ ይወርዳል። ስክሪኑ ላይ ቁልፎቹ የተደረደሩ ሪሞት ይመጣል። ሲነኩት ስልኩ ንዝር ይላል። ሪሲቨሩ ግን ዝም።

ይህ ሲሆን አብዛኛው ሰው አፑ የማይረባ ነው ብሎ ሌላ ያወርዳል፤ እሱም ካልሠራ ሌላ። ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ አፑ ላይ አይደለም። በስልክ ቴሌቪዥን ማዘዝ በአንድ ስም ይጠራ እንጂ ጨርሶ የማይገናኙ ሁለት መንገዶች አሉት። አንደኛው ዓይን በማያየው ብርሃን፣ በኢንፍራሬድ ነው፤ ሁለተኛው በዋይፋይ። አንዳንድ ዕቃ የሚሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ሁለተኛውን ብቻ። ስለዚህ አፕ ከመፈለግ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ «ይህ ሳጥን የሚሰማው የትኛውን ነው?» የሚለው ነው።

ተራው የዲሽ ሪሲቨር፣ የክፍያ ቻናል ዲኮደርና የቆዩት ቴሌቪዥኖች የሚሰሙት ኢንፍራሬድ ነው። ስማርት ቲቪ ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ይሰማል። በቴሌቪዥኑ ኤችዲኤምአይ ቀዳዳ የሚሰኩት እንደ ፋየር ቲቪ ስቲክ ያሉት ትንንሽ ዕቃዎች ግን የኢንፍራሬድ መቀበያ የላቸውም፤ ከራሳቸው ሪሞት ጋር የሚነጋገሩት በሬዲዮ ሞገድ ነው። እነሱን በኢንፍራሬድ ስልክ ቀኑን ሙሉ ቢያነጣጥሩባቸው ምንም አይሰሙም።

ብርሃኑ ምን ይላል?

በብርሃን ቴሌቪዥን ማዘዝ የተጀመረው በ1955 በአሜሪካ ነው። ዜኒት የተባለው ኩባንያ ፍላሽማቲክ ብሎ ያወጣው መሣሪያ እንደ ባትሪ መብራት የሚያበራ ነበር፤ በቴሌቪዥኑ አራት ማዕዘኖች ላይ ብርሃን የሚሰማ ዓይን ነበረ፣ ተመልካቹም በአንደኛው ማዕዘን ላይ ሲያበራ ቻናሉ ይቀየራል፣ በሌላኛው ላይ ሲያበራ ድምፁ ይጠፋል። ጉዳቱ ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ራሷ ቻናል መቀየሯ ነበር። በዓመቱ ኩባንያው ብርሃኑን ትቶ በድምፅ ወደሚሠራ ሪሞት ዞረ።

ኢንፍራሬድ በኋላ መጥቶ ይህንን ችግር የፈታው በአንድ ዘዴ ነው። የሪሞቱ አምፖል በርቶ አይቆይም፤ በሰከንድ ሠላሳ ስምንት ሺህ ጊዜ ያህል ይጠፋል፣ ይበራል። በሪሲቨሩ ፊት ጥቁሯ መስታወት ውስጥ ያለችው መቀበያ በዚህ ፍጥነት የማይርገበገብ ብርሃን ሁሉ እንዳልመጣ ትቆጥረዋለች። ፀሐይም የቤት አምፖልም የሚታለፉት በዚህ ነው። ጨርሶ ይታለፋሉ ማለት ግን አይደለም። ከፊት ለፊት የሚመታ የቀትር ፀሐይ መቀበያዋን ያደነዝዛታል፤ ጠመዝማዛዎቹ ኤሌክትሪክ ቆጣቢ አምፖሎች ደግሞ የውስጥ ዑደታቸው ወደዚያው ፍጥነት የቀረበ ስለሆነ አንዳንዴ ሪሞትን ያውካሉ። ሪሞትዎ ማታ ማታ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ መብራቱን አጥፍተው ይሞክሩት።

በዚህ ርግብግብታ ላይ መልእክቱ ይጫናል። የእስያ ሪሲቨሮች በብዛት የሚጠቀሙበት አሠራር ኤንኢሲ ይባላል። አንድ ቁልፍ ሲጫኑ መጀመሪያ ለ9 ሚሊሰከንድ የሚቆይ ረጅም ምልክት ይሄዳል፤ «አዳምጥ» እንደማለት ነው። ለ4.5 ሚሊሰከንድ ዝምታ ይሆናል። ከዚያ ሁለት ነገሮች ተከታትለው ይላካሉ፤ አንዱ አድራሻ ነው፣ ሌላው ትእዛዝ። አድራሻው ለየትኛው ዓይነት ዕቃ እንደሆነ ይናገራል፤ ትእዛዙ የትኛው ቁልፍ እንደተጫነ። ሁለቱም ከተላኩ በኋላ ተገልብጠው እንደገና ይላካሉ፤ ሪሲቨሩ ሁለቱን አስተያይቶ ካልገጠሙ ይጥለዋል። ጠቅላላው 68 ሚሊሰከንድ ያህል ይወስዳል፣ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ያነሰ።

እዚህ ላይ አድራሻ ያልኩት ለሚቀጥለው ነገር ሁሉ ቁልፍ ነው። ሪሲቨሩ በገበያ ጫጫታ መካከል ስሙ ሲጠራ ብቻ ዞር እንደሚል ሰው ነው፤ በሌላ አድራሻ የመጣን ትእዛዝ ሰምቶ እንኳ አይነቃነቅም። ስሕተት የሆነ ኮድ ስልክዎ ላይ ከመረጡ የተሳሳተ ቻናል አይከፍትልዎትም፣ ምንም አያደርግም። ስልኩ የላከው ትእዛዝ መድረስ አለመድረሱን የሚያውቅበት መንገድም የለውም። ይናገራል እንጂ አይሰማም። ስለዚህ «አልሠራም» የሚለው ዝምታ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ወይ ስልኩ ጭራሽ ብርሃን አልላከም፣ ወይ ልኮ አድራሻው ስቷል። እነዚህን ሁለቱን መለየት የሥራው ግማሽ ነው።

ስልክዎ አምፖሉ አለው?

ኢንፍራሬድ የሚልክ አምፖል ያላቸው ስልኮች በአሁኑ ጊዜ ጥቂት ናቸው። ሳምሰንግ በጋላክሲ ኤስ4፣ ኤስ5 እና ኤስ6 ላይ አድርጎት ነበር፤ በ2016 ከወጣው ኤስ7 ጀምሮ ተወው። አይፎን ኖሮትም አያውቅም፤ ዘመድ ከውጭ የላከው አይፎን ምንም ያህል ውድ ቢሆን ተራ ሪሲቨርን በራሱ ማዘዝ አይችልም። እስካሁን አጥብቆ የያዘው ሻዮሚ ነው፤ የሬድሚ ኖት ስልኮች አብዛኞቹ አላቸው። ከኢንፊኒክስም አንዳንዶቹ ሞዴሎች አላቸው።

የሚፈለገው ስልኩ ቆሞ ሲያዝ በላይኛው ጠርዝ ላይ ነው። እዚያ ትንሽ ክብ ነገር ቢያዩ ቶሎ አይደሰቱ፤ ባዶ ቀዳዳ ከሆነ ማይክሮፎን ነው። የኢንፍራሬዱ ግን ቀዳዳ አይደለም፤ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ ፕላስቲክ የተደፈነበት ነው። ስልኩ ላይ ያለው የጎማ ሽፋን ይህችን ቦታ ከሸፈናት እንዳልነበረች ናት።

እርግጠኛ ለመሆን ሁለተኛ ስልክ ያስፈልጋል። ክፍሉን ጨለም ያድርጉና የሁለተኛውን ስልክ የፊት ካሜራ፣ ራስዎን የሚያነሱበትን፣ ይክፈቱ። የመጀመሪያውን ስልክ ጠርዝ ወደ ካሜራው አዙረው አፑ ላይ ያለውን ቁልፍ ይጫኑ። አምፖሉ እየላከ ከሆነ በስክሪኑ ላይ ነጣ ያለ ወይም ሐምራዊ ብልጭታ ይታያል። የፊት ካሜራ ያልኩበት ምክንያት አለው፤ የብዙ ስልኮች የኋላ ካሜራ ኢንፍራሬድን የሚያግድ ጠንካራ ማጣሪያ ስላለው ላያሳይ ይችላል።

ይኸው ፍተሻ ለአሮጌው ሪሞትም ይሠራል፣ ለዚህ ደግሞ ማንኛውም ስልክ፣ አይፎንም ቢሆን፣ ይበቃል። ሪሞቱን ወደ ፊት ካሜራ አዙረው ሲጫኑ ደማቅ ብልጭታ ከታየ ሪሞትዎ ደኅና ነው፤ የታመመው ሪሲቨሩ ነው። ደብዘዝ ያለ ከሆነ ድንጋዩን ይቀይሩ። አንዳንድ ቁልፍ ብልጭ እያለ አንዳንዱ ካላለ ከጎማው ሥር ያለው ጥቁር ነጥብ ቆሽሿል ወይም አልቋል፤ ከፍተው በአልኮል በጥቂቱ ቢጠርጉት ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ስልክን ሪሞት ለማድረግ ከተነሡት ሰዎች ብዙዎቹ እዚህ ላይ ጉዳያቸው ባለቀ ነበር።

የጎረቤቴ ሪሲቨር

እንዴት እንደሚሄድ በአንድ ጉዳይ ላሳይ። ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ጎረቤት አሉኝ፤ ሪሞታቸው ውኃ ገብቶበት ሞቷል። ድንጋይ ቀይረው፣ ፀሐይ ላይ አስጥተውት አልሆነም። በካሜራ ስናየው ጨለማ ነው። በዚያው ሰሞን የሚወዱት ቻናል ፍሪኩዌንሲ ቀይሮ ስለጠፋ የሚያስፈልጋቸው ቻናል መቀያየር ብቻ አልነበረም፤ ሜኑ ገብቶ፣ ቁጥር ጽፎ፣ አዲስ ፍለጋ ማስጀመር ነበር። የልጅ ልጃቸው ሬድሚ ስልክ ይዟል።

ሪሲቨሩ በቻይና ተሠርቶ እዚህ ገበያ በሚታወቅ ስም የተሸጠ ነው። በሬድሚ ስልኮች ላይ አብሮ የሚመጣው Mi Remote የሚባለው አፕ መጀመሪያ የዕቃውን ዓይነት ይጠይቃል፦ ቲቪ፣ ሴት ቶፕ ቦክስ፣ ኤሲ፣ ፋን እያለ። ሪሲቨር የሚገባው በሴት ቶፕ ቦክስ ሥር ነው፤ ልጁ ግን መጀመሪያ ቲቪ ብሎ ገብቶ ሲለፋ ነበር። በትክክለኛው ሥር ስንገባ ደግሞ የሪሲቨሩ ስም በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

«በቃ፣ ስሙ ከሌለ አይሠራም ማለት ነዋ» አሉ እማማ።

«የለም እማማ፣ የውስጡ ዕቃ በሌላ ስምም ይሸጣል፣ እንሞክረው» አልኳቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እነዚህን ሪሲቨሮች የሚሠሩት ፋብሪካዎች ከስሞቹ በቁጥር ያንሳሉ፤ አንድ ዓይነት የውስጥ ሰሌዳ በተለያየ ካርቶን፣ በተለያየ ስም ይወጣል። ሪሞቱም ቀለሙና የቁልፉ ቅርጽ ይለያይ እንጂ የሚልከው አድራሻ ያው የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ የራሱ ስም ሲጠፋ የሚፈለገው ሜኑው የሚመሳሰል ሌላ ሪሲቨር ስም ነው። የሜኑው መልክ፣ የቀለሞቹ አቀማመጥ፣ ሲነሣ የሚታየው ጽሑፍ ከጎረቤት ሪሲቨር ጋር ከተመሳሰለ የዚያን ስም ይምረጡ።

አፑ በአንድ ስም ሥር ብዙ የኮድ ስብስቦች አሉት፤ አንድ በአንድ እያቀረበ «ዕቃው መልስ ሰጠ?» ይላል። ሲነሣ ለሙከራ የሚያቀርበው የማብሪያና ማጥፊያውን ቁልፍ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ሪሲቨር ሲጠፋ ወዲያው ይጠፋል እንጂ ሲነሣ ጊዜ ይፈልጋል። ተጭኖ ምላሽ ሳያይ ቶሎ ወደሚቀጥለው ኮድ የሚያልፍ ሰው ሪሲቨሩ ሲነሣ የሠራው የትኛው ኮድ እንደነበረ አያውቀውም። ይባስ ብሎ ማብሪያውም ማጥፊያውም አንድ ቁልፍ ስለሆነ ሁለተኛው ሲያጠፋው የመጀመሪያው የሠራ ሳይመስል ያልፋል። የሚሻለው ሪሲቨሩን በራሱ ቁልፍ አብርቶ፣ ሥዕሉ እስኪመጣ ጠብቆ፣ የሚቻል ከሆነ በቻናል ወይም በሜኑ ቁልፍ መሞከር ነው፤ ማብሪያው ብቻ ከቀረበም በየሙከራው መካከል እስከ አምስት ቆጥሮ ማለፍ።

ከአንድ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ሆነን፣ የስልኩን ላይኛ ጠርዝ ወደ ሪሲቨሩ ፊት አነጣጥረን ጀመርን። የመጀመሪያው ስም ሥር ያሉት ሁሉ ዝም አሉ። ካሜራ ላይ ብልጭታው ስለታየ ስልኩ እየላከ መሆኑን እናውቃለን፤ የሳተው አድራሻው ነው ማለት ነው። ስለዚህ ስልኩን መቀየር አላስፈለገንም፣ ስሙን ብቻ ቀየርን። በሌላ ስም ሥር አንደኛው ስብስብ ላይ ስንደርስ በሪሲቨሩ ፊት ያለችው ትንሽ መብራት ብልጭ አለች፤ ቻናሉም ተቀየረ። ብዙዎቹ ሪሲቨሮች የራሳቸውን አድራሻ ሲሰሙ እንዲህ ብልጭ ይላሉ፤ ዓይንዎ ከቴሌቪዥኑ ይልቅ እዚያች መብራት ላይ ይሁን።

ልጁ «ሠራ!» ብሎ ሊያስቀምጠው ሲል አስቆምኩት። ሜኑ ሲጫን የድምፅ ቋንቋ ምርጫ ይከፈታል፤ ውጣ የሚለው ቁልፍ ደግሞ ምንም አያደርግም። አድራሻው ገጥሟል፣ የትእዛዞቹ ዝርዝር ግን የሌላ ሞዴል ነው። እንዲህ ሲሆን መመለስ የለም፤ ቅርብ ላይ ደርሰዋል። በዚያው ስም ሥር ወደፊት ቀጠልን። ትንሽ ቆይቶ ሜኑ ሜኑን የሚከፍት፣ እሺ የሚለው የሚገባ፣ ቁጥሮቹም በትክክል የሚጻፉበት ስብስብ ተገኘ። ባለ ቀለም ቁልፎቹ አሁንም ተሳስተዋል፤ ለእማማ ጉዳይ ግን አያስፈልጉም። ፍሪኩዌንሲው ገባ፣ ፍለጋው ሄደ፣ ቻናሉ መጣ።

አንድ ነገር ግን አስቸገረ። ቁጥር ሲጻፍ አንዳንዴ ሁለቴ ይገባል፤ 1 ሲነካ 11 ይሆናል። እውነተኛው ሪሞት ቁልፍ ተጭኖ ሲቆይ መልእክቱን ሁሉ አይደግምም፤ «አሁንም እንደያዘው ነው» የምትል አጭር ምልክት ብቻ ይልካል። አንዳንድ አፖች ግን ሙሉውን መልእክት እንደገና ይልኩታል፤ ሪሲቨሩም አዲስ ቁልፍ የተጫነ ይመስለዋል። መድኃኒቱ ጣትን ሳያቆዩ ነካ አድርጎ ማንሣት ነው። ድምፅ ለመጨመር ተጭኖ መቆየት የለመደ ሰው በዚህ ይበሳጫል።

ርቀቱም አንድ አይደለም። የስልክ አምፖል ትንሽ ነው፤ በሁለትና በሦስት ሜትር ደኅና ይሠራል፣ ሰፊ ሳሎን ውስጥ ከዳር ሆነው ግን እንደ ድሮው ሪሞት አይጠብቁ።

አምፖል ለሌለው ስልክ

ስልኩ አምፖል ከሌለው በሱቅ የሚሸጥ ትንሽ ተሰኪ አለ። በጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ የሚገባው ዓይነት አሠራሩ ደስ ይላል። ስልክ የሚያወጣው ድምፅ በሰከንድ ከሃያ ሺህ ርግብግብታ ብዙም አያልፍም፣ የሚፈለገው ደግሞ ሠላሳ ስምንት ሺህ ነው። ስለዚህ ሁለት አምፖሎች ተገልብጠው ይታሰራሉ፤ አፑ በአሥራ ዘጠኝ ሺህ ድምፅ ሲያወጣ ሞገዱ ወደ ላይ ሲሄድ አንዱ ይበራል፣ ወደ ታች ሲመለስ ሌላው፤ ድምሩ ሠላሳ ስምንት ሺህ ይሆናል። ከዚህም አንድ የሚጠቅም ነገር ይወጣል፤ ተሰኪው የሚበላው ድምፅ ስለሆነ የስልኩ ድምፅ እስከ ጫፍ ካልተከፈተ ደካማ ነው። በቻርጅ ቀዳዳ የሚገባው ግን ይህ ጣጣ የለበትም፤ ስልኩ ኦቲጂ የሚቀበል መሆን አለበት፣ አፑም ከተሰኪው ጋር የሚስማማው መሆን አለበት። የአንዱን ተሰኪ በሌላው አፕ ማሠራት ብዙ ጊዜ አይሆንም።

በዋይፋይ የሚያዙት

ስማርት ቲቪና አንድሮይድ ሳጥን ሌላ ዓለም ናቸው። እዚህ ስልኩ ማነጣጠር የለበትም፤ ሌላ ክፍል ሆነው ማዘዝ ይችላሉ፣ ጽሑፍ በስልኩ ኪቦርድ መጻፍም ትልቅ ዕረፍት ነው። የሚፈለገው ስልኩና ቴሌቪዥኑ በአንድ ዋይፋይ ላይ መሆናቸው ነው። የስልኩ ዋይፋይ ጠፍቶ በሞባይል ዳታ ላይ ከሆነ አፑ ቴሌቪዥኑን አያገኘውም፤ አንዱ በእንግዳ ዋይፋይ ላይ ከሆነም እንዲሁ።

ለአንድሮይድ ቲቪና ለጉግል ቲቪ የሚሆነው Google TV የሚለው አፕ ነው። ሪሞት የሚለውን ሲነኩ በአቅራቢያ ያሉትን ያሳያል፤ የራስዎን ሲመርጡ ቴሌቪዥኑ ስክሪን ላይ ኮድ ይመጣል፣ ያንን ስልኩ ላይ ይጽፉታል። ሪሞትዎ ቢጠፋም ይህ ይሆንልዎታል፣ ምክንያቱም ቴሌቪዥኑ ላይ የሚጫኑት ነገር የለም። ሳምሰንግ በ SmartThings ሲገናኝ ግን ብዙ ጊዜ ቴሌቪዥኑ ራሱ «ልፍቀድ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እሺ የሚባለው ደግሞ በሪሞት ነው። ሪሞት ጠፍቶብኝ አፕ ላውርድ ያለ ሰው ሪሞት አምጣ ይባላል። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያለው የዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ የኮምፒውተር ማውዝ ይሰኩ፤ ብዙ ስማርት ቲቪዎች ቀስት ያወጡና በማውዙ መጫን ይቻላል።

የዋይፋይ አፕ ሌላው ድካም ማብራት ላይ ነው። ቴሌቪዥን ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ከተኛ ስልኩን የሚሰማ የለም፤ አፑ ያጠፋዋል፣ ሊያነሣው ግን አይችልም። አዳዲሶቹ ሳምሰንጎች ለዚህ Power On with Mobile የሚል ምርጫ በኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ አላቸው፤ እሱ ካልበራ ጠዋት ጠዋት ተነሥቶ በእጅ ማብራት ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣም ራውተሩ እስኪነሣ አፑ ዕውር ነው። ኢንፍራሬድ ከእነዚህ አንዱም አይነካውም።

ከሁሉ የሚከፋው ወጥመድ ግን ቤት ለሚቀይሩና ከውጭ ለሚመጡ ነው። አሜሪካ ያለ ቤተሰብ ፋየር ቲቪ ስቲኩን ይዞ አዲስ ቤት ይገባል ወይም ለክረምት አዲስ አበባ ያመጣዋል፤ ሪሞቱ ግን እዚያው ቀርቷል። ስቲኩ የሚያውቀው የድሮውን ዋይፋይ ነው። አዲሱን ለማስገባት ሪሞት ያስፈልጋል፤ አፑ ሪሞት እንዲሆን ደግሞ ስቲኩ ዋይፋይ ላይ መሆን አለበት። ክቡን የሚሰብረው ሁለት ስልክ ነው። በአንደኛው ስልክ ሆትስፖት ይክፈቱና ስሙን የድሮው ቤት ዋይፋይ ስም፣ ፓስወርዱንም የድሮውን ያድርጉት፤ ትልቅና ትንሽ ፊደሉ፣ ክፍተቱ ሳይቀር ያው ይሁን። ሆትስፖቱን በ2.4 ጊጋኸርትዝ ያድርጉት፣ ዳታም ይኑረው። ስቲኩ የድሮ ቤቱ መስሎት ይገናኛል። ሁለተኛውን ስልክ እዚያው ሆትስፖት ላይ አገናኝተው የፋየር ቲቪን አፕ ይክፈቱ፤ ቴሌቪዥኑ ላይ የሚመጣውን ቁጥር ያስገቡ። ከዚያ በአፑ ወደ ሴቲንግ ገብተው አዲሱን ዋይፋይ ይስጡት። በዚያች ቅጽበት አፑ ግንኙነቱ ይቋረጣል፤ አይደንግጡ፣ ስቲኩ ወደ አዲሱ ስለሄደ ነው። ስልኩንም ወደዚያው ያዛውሩትና ይቀጥሉ። የድሮውን ስምና ፓስወርድ የሚያስታውስ ከሌለ ግን ይህ መንገድ ዝግ ነው።

ስለ አፖቹ አንድ ማስጠንቀቂያ

የስልክ ገበያው «ለሁሉም ቲቪ» በሚሉ አፖች ተሞልቷል። አምፖል በሌለው ስልክ ላይ እንኳ ይጫናሉ፣ ቁልፍ ያሳያሉ፣ ማስታወቂያ ያዘንባሉ። አንድሮይድ ከ2013 ጀምሮ አፕ ስልኩ አምፖል እንዳለው እንዲጠይቅ መንገድ ሰጥቶታል፤ ስለዚህ እነዚህ አፖች እንደማይሠሩ ያውቃሉ፤ ዝም ያሉት ማስታወቂያው ስለሚከፍላቸው ነው። የኢንፍራሬድ ሪሞት የስልክ ቁጥሮችዎን፣ ፎቶዎን ወይም ያሉበትን ቦታ ማወቅ አያስፈልገውም። ከጠየቀ ያጥፉት።

እንዲህ ያለ ስልክ በእጁ የያዘ ሰው የሰው ቴሌቪዥንም ሊያጠፋ ይችላል። ሚች አልትማን የተባለ አሜሪካዊ በ2004 ያወጣው ቲቪ-ቢ-ጎን የሚባል ቁልፍ መያዣ የሚያክል መሣሪያ ሥራው ይኸው ብቻ ነበር፤ የብዙ ቴሌቪዥኖችን ማጥፊያ ኮድ በተራ ይለቃል። ካፌ ውስጥ ኳስ እየታየ ቴሌቪዥኑ በየደቂቃው ድርግም የሚል ከሆነ ባለቤቱ ገመዱን ከመነቅነቅ በፊት ከፊት ወንበር ያለውን ወጣት አየት ቢያደርግ አይከፋም።

ሱቅ ውስጥ ለሪሲቨርዎ የሚሆን ሪሞት ካለ ይግዙ፤ ስልክ እስከዚያ የሚያሻግር እንጂ የቤቱ ሪሞት መሆን አይችልም፤ ስልኩን የያዘው ሰው ከቤት ሲወጣ ሪሞቱም አብሮ ይወጣልና። ሪሞትዎ ዛሬ ደኅና ከሆነ ግን ሁለት ነገር አሁኑኑ ያድርጉ። የሪሞቱን ፊትና ከሪሲቨሩ ሥር የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ፤ መርካቶ ሄደው ምትክ ሲጠይቁ ሻጩ የሚጠይቅዎት እሱን ነው። ስማርት ቲቪ ካለዎት ደግሞ አፑን ዛሬ ያገናኙት፣ በሞባይል የማብሪያውንም ምርጫ አብረው ይክፈቱት።